ከስድስቱ ቁጥሮች የሚከፈለው የትኛው ነው?

ሶፋና የምግብ ጠረጴዛ የሚያሠራ ሰው ቀብድ ከፍሎ ይሄዳል፤ ዕቃው ሲደርስለት ደግሞ ብዙ ቁጥር የተደረደረበት የሂሳብ ወረቀት ይቀርብለታል። ንዑስ ድምር፣ ቅናሽ፣ ቫት፣ ጠቅላላ ድምር፣ ቀብድ፣ ቀሪ ክፍያ። አብዛኛው ሰው ዓይኑን የሚጥለው በደማቁ ወይም በትልቁ ቁጥር ላይ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቁጥር የሚመልሰው ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ፣ ከኪስ የሚወጣውን ገንዘብ ለማወቅ ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ማንበብ ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የዕቃዎቹ ዋጋ ያለ ቫት 80,000 ብር ነው እንበል። ይህ ንዑስ ድምር ነው፤ ማንም ይህን ብቻ ከፍሎ አይሄድም። ሻጩ 5 በመቶ ቅናሽ ስላደረገ 4,000 ብር ይቀነስና 76,000 ብር ይቀራል። ቫት የሚሰላው በዚህ በተቀነሰው ዋጋ ላይ ነው። የ76,000 ብር 15 በመቶ 11,400 ብር ስለሚሆን ጠቅላላው 87,400 ብር ይደርሳል። ገዢው አስቀድሞ 30,000 ብር ቀብድ ከፍሏል። ስለዚህ በርክክቡ ዕለት የሚከፍለው 57,400 ብር ነው።

ስህተት በብዛት የሚገባው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ቅናሹ ላይ ነው። ቫቱ በ80,000 ብር ላይ ተሰልቶ 92,000 ብር ከደረሰ በኋላ 4,000 ብር ቢቀነስ፣ ጠቅላላው 88,000 ብር ይሆናል። የ600 ብር ብልጫ አለው፤ ይህም ገዢው ባልከፈለው 4,000 ብር ላይ የተጣለ ቫት ነው። ይህን ለመያዝ የቫቱን መስመር ከቅናሹ በኋላ ካለው ዋጋ ጋር ማነጻጸር ይበቃል፤ 15 በመቶው ካልሆነ ሂሳቡ እንደገና ይሠራ።

ሁለተኛው ቀብዱ ላይ ነው። ቀብድ ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ እንጂ ቅናሽ አይደለም፤ ስለዚህ የሚቀነሰው ቫት ከተጨመረ በኋላ ነው። ከ76,000 ብር ላይ ቀብዱ ተቀንሶ በቀሪው 46,000 ብር ላይ ብቻ ቫት ቢሰላ፣ ቀሪው 52,900 ብር ይመስላል። ገዢው ተደስቶ ቢሄድም፣ የጎደለው 4,500 ብር «የቀብዱ ቫት» ተብሎ ኋላ ሊጠየቅ ይችላል። ለቀብዱ ቀድሞ ቫት ያለበት ደረሰኝ ተቆርጦ ከሆነም ቀሪው ያው 57,400 ብር ነው። በዚህ ጊዜ በሁለቱ ደረሰኞች ላይ ያለው ቫት ሲደመር 11,400 ብር መሆን አለበት፤ ከበለጠ በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ጊዜ ታክስ ተጠይቋል ማለት ነው።

ቀብድ የሚለው መስመር ራሱ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በፕሮፎርማ ላይ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ «ሥራው እንዲጀመር የሚከፈል» ማለት ነው፤ በመጨረሻው ሂሳብ ላይ ግን «የተከፈለ» ማለት ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ዛሬ የሚከፈለው 30,000 ብር ሲሆን፣ 57,400 ብሩ የሚጠበቀው በርክክብ ቀን ነው። የሁለት ነጋዴዎችን ዋጋ ለማወዳደር ወይም በጀት ለመያዝ ግን የሚያገለግለው 87,400 ብሩ ብቻ ነው። አንዱ ብዙ ቀብድ ስለጠየቀ ቀሪው ቢያንስ፣ ዕቃው ረከሰ ማለት አይደለም።

የቀብድን ነገር ሕጉም ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ እንደሆነ ያስቀምጣል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከሚፈለገው ገንዘብ ላይ ይታሰባል ወይም ይመለሳል። ገዢው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይከፍላል። ስለዚህ የቀብዱ ደረሰኝ ጠፍቶ፣ በመጨረሻው ሂሳብ ላይም ቀብዱ ካልተጻፈ፣ 30,000 ብር በክርክር ላይ ይወድቃል።

አዳራሽ ወይም ዕቃ ሲከራዩ የሚጠየቀው የጉዳት ማስያዣ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ከዋጋው አይቀነስም፤ በዕለቱ ከኪራዩ በላይ ይከፈላል፣ ንብረቱ በደህና ሲመለስም ለተከራዩ ይመለሳል። ሁለቱም በአንድ ስም ተጽፈው ከሆነ፣ «ይህ ከሂሳቡ ላይ ይታሰባል ወይስ ተመላሽ ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ወረቀቱ ላይ ማስጻፍ ይገባል።

ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት አንድ ማረጋገጫ ያድርጉ። እስካሁን የከፈሉትን ሁሉ ከደረሰኞችዎ ላይ ደምረው በቀሪው ክፍያ ላይ ይጨምሩት። ውጤቱ ከጠቅላላው ድምር ጋር እኩል ከመጣ የሚከፍሉት ቀሪውን ነው። እኩል ካልመጣ፣ ልዩነቱ የት እንደገባ ሻጩ በወረቀቱ ላይ እስኪያሳይዎ ድረስ አይክፈሉ።