ብድሩ 15 በመቶ፣ ትርፉ 16 በመቶ፤ ታዲያ ኪሳራው ከየት መጣ?

አንድ ብስኩት ፋብሪካ በ10 ሚሊዮን ብር አዲስ ማሽን ሊተክል አስቧል እንበል። ማሽኑ ከግብር በኋላ፣ ወለድ ሳይቀነስ፣ በየዓመቱ 16 በመቶ ያስገኛል። ባንኩ የሚጠይቀው ወለድ 15 በመቶ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ «ያዋጣል» ይላል። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ።

የፋብሪካው ገንዘብ ከባንክ ብቻ አልመጣም። 40 በመቶው ብድር፣ 10 በመቶው ቋሚ 14 በመቶ የትርፍ ድርሻ የሚከፈልበት ባለቅድሚያ አክሲዮን፣ ቀሪው 50 በመቶ ተራ አክሲዮን ነው። የተራ አክሲዮን ባለቤቶች ከሁሉም በኋላ የተረፈውን ስለሚወስዱ ስጋታቸው ይበዛል፤ 24 በመቶ ይጠብቃሉ። ይህን ዋጋ የሚያሳይ ደረሰኝ ስለሌለ ብዙዎች ይዘነጉታል።

ወለድ ግብር ከመሰላቱ በፊት ተቀናሽ ነው። በ30 በመቶ የትርፍ ግብር የብድሩ እውነተኛ ዋጋ 10.5 በመቶ ይሆናል። የባለቅድሚያው ድርሻ ግን ከግብር በኋላ ስለሚከፈል ቅናሽ የለውም። እያንዳንዱን በድርሻው አባዝተን ስንደምር፦

4.2 + 1.4 + 12 = 17.6 በመቶ

ማሽኑ ከሚያስገኘው 1,600,000 ብር ላይ ለብድሩ 420,000፣ ለባለቅድሚያዎቹ 140,000 ሲወጣ 1,040,000 ይቀራል። ይህ በተራ አክሲዮን ለገባው 5 ሚሊዮን 20.8 በመቶ ነው፤ ከጠበቁት 24 በታች። ባንኩ ወለዱን ሳይጓደል ያገኛል፤ ጉዳቱን የሚሸከሙት ባለአክሲዮኖቹ ናቸው።

ስሌቱ ግን ፋብሪካው ካተረፈ ነው የሚሠራው። ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ከሌለ የወለዱ ቅናሽም አይኖርም። ድርሻዎቹም መለካት ያለባቸው በመዝገብ በሰፈረው የቆየ ዋጋ ሳይሆን በዛሬው የገበያ ዋጋ ነው።