ለቅሶ እስኪደረስ የሚላክ ቃል

ለቅሶ የሚደረሰው በእግር ነው። ባልደረባችን እናቷን ለመቅበር ደሴ ሄዳ እኛ አዲስ አበባ ቢሮ ከቀረን ግን፣ እስክትመለስ ድረስ ዝም አይባልም። በአንድ የሒሳብ ክፍል እንዲህ ቢያጋጥም ምን ተብሎ ይጻፋል?

በቅድሚያ መርዶ መነገሩን ማጣራት ነው። ልጅቱ የሄደችው «እናትሽ ታመዋል» ተብላ ሊሆን ይችላል። የቅርብ ሰው ሞት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። አንዱ ችኩል መንገድ ላይ ሳለች «ነፍስ ይማር» ብሎ ከላከላት መርዶ ነጋሪው እሱ ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው ለዘመዷ ይደውል።

ቀጥሎ እጃችን ላይ የሚመጣው የደብዳቤ ቋንቋ ነው፦ «በወላጅ እናትዎ ድንገተኛ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን»። ትናንት አብራን ቁርስ የበላችውን ልጅ ዛሬ «እርስዎ» ማለት ያርቃታል። ድንገተኛ መሆኑንስ ማን ነገረን? በሌላ በኩል «ምን ሆነው ነው? መቼ ትመለሻለሽ?» የሚል ጥያቄ ከለቅሶ መሃል መልስ ይጠይቃታል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«እህታችን፣ የእናትሽን ማረፍ ሰምተን ሁላችንም አዝነናል። ነፍሳቸውን ይማር፤ አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ። የወር መዝጊያውን ሒሳብ ተከፋፍለን ይዘነዋል፣ የቢሮው ነገር አያሳስብሽ። ስትመለሺ ቤት መጥተን ለቅሶ እንደርሳለን። ለዚህ መልስ አትጻፊ። የክፍሉ ባልደረቦችሽ።»

ከዚህ ውስጥ ሸክም የሚያቀልላት የወር መዝጊያው ነው። «የምንረዳሽ ካለ ንገሪን» ብንል የምንሠራውን ፈልጎ ማግኘት ለሐዘንተኛዋ ይተርፋል። ሥራውን በእርግጥ ካልተከፋፈልነው ግን ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ።

«ነፍስ ይማር» ለኦርቶዶክስ አማኝ የተለመደ ነው። ለሙስሊም ባልደረባ «አላህ ይዘንላቸው፣ ሰብሩን ይስጥሽ» ይባላል። ፕሮቴስታንቶች ለሞተ ሰው ነፍስ ስለማይጸልዩ «ጌታ ያጽናናሽ» ይበቃል። እምነቷን ካላወቅን «ፈጣሪ ያጽናሽ» ማንንም አያስቀይምም።

ስለ ፈቃድ ቀናት እዚህ አይነሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላጅ ሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ደሴ ደርሶ መልስና ሠልስቱ ተደምሮ ሊያጥር ስለሚችል፣ ቀሪውን አለቃዋ ከሰው ሀብት ክፍል ጋር አስቀድሞ ቢጨርስላት ይሻላል።

መልእክቱን ሁሉም በየስልኩ ከሚደጋግመው፣ ለእሷ የሚቀርባት አንድ ሰው በሁሉም ስም ይላከው። የተዋጣው ገንዘብ መጠንም ሆነ የሰጪዎቹ ዝርዝር አብሮ አይሄድም፤ ለቅሶ ሲደረስ በፖስታ ታሽጎ በእጅ ይሰጣል።