ያልገባው ቀይ ቀለም

የኢማም አሕመድ ጦር ደብረ ሊባኖስን ያቃጠለው እ.ኤ.አ. በ1531 ነው። ያን ቀን በአንድ ቁም ጸሐፊ አንደበት የሚተርክ አጭር ልቦለድ ከጦሩ ሁካታ ይልቅ ከብራናው ብዙ ያተርፋል።

ጸሐፊው ዳዊት እየገለበጠ ነው። ዋናውን ጽሑፍ በመቃ ብዕር በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ በቀይ የሚገቡትን የመዝሙር አርእስት ግን ቦታቸውን ክፍት ትቶ ያልፋል፣ ኋላ ይሞላቸዋል። ጭሱ ከሩቅ ሲታየው ቀዩ ገና አልገባም። ቢቀጥል ይደረስበታል፤ እርጥቡን ቅጠል ቢያጥፈው ደግሞ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊቱ ገጽ ይተላለፋል። ለእኔ የታሪኩ ልብ ይህ ጭንቀት ነው። ተራኪው ራሱ ስለሆነ ከሸሸ በኋላ የነደደውን አያይም፤ ደራሲውም ሊነግረን አይገባም።

የቀዩ ቦታ ባዶ የቀረባቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬም አሉ። ምክንያቱ ግን ሁልጊዜ ወረራ አይደለም፤ ቀለም ማለቅም ሊሆን ይችላል።