ኢንተርንሺፕ ሲያልቅ ለኃላፊው የሚጻፈው ኢሜይል

ኢንተርንሺፕ ጨርሰው ወደ ግቢ የሚመለሱ ተማሪዎች ለሥራ ኃላፊያቸው የሚልኩት የምስጋና ኢሜይል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። «በቆይታዬ ላደረጉልኝ ድጋፍ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ዕውቀትና ልምድ ቀስሜአለሁ፤ ድርጅታችሁ ይበልጥ እንዲያድግ እመኛለሁ» ይላል። ይኸው ጽሑፍ ለባንክ፣ ለፋብሪካ ወይም ለሆስፒታል ኃላፊ ቢላክ አንዲት ቃል መቀየር አያስፈልገውም። አንዳንዱማ ከኢንተርኔት እንዳለ ተገልብጦ «የድርጅቱ ስም» የሚለው ክፍት ቦታ እንኳ ሳይሞላ ይደርሳል። ኃላፊው አንብቦ «እግዜር ይስጣት» ብሎ ይዘጋዋል። በዓመቱ ስለዚያች ተማሪ ቢጠየቅ ግን ከሌሎቹ ለይቶ ለማስታወስ ይቸገራል።

ተማሪዎቹ ምስጋና አጥተው አይደለም። የሚያመሰግኑበት ነገር ሞልቶ ሳለ ኢሜይሉ ውስጥ ሳያስገቡት ይቀራሉ።

በአገራችን የምህንድስና ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛ ዓመታቸው አንድ ሴሚስተር ለሚሆን ጊዜ ከግቢ ወጥተው ሥራ ቦታ ላይ ይቆያሉ። ከዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው የሚቀበላቸው ድርጅት ያፈላልጋሉ። ከተቀበላቸው በኋላ በየዕለቱ የሠሩትን በሎግ ቡክ ይመዘግባሉ፤ ከድርጅቱም አንድ ኃላፊ ይመደብላቸዋል። ይህ ሰው የራሱ ሥራ፣ የራሱ ቀነ ገደብና የራሱ አለቃ አለው። ተማሪዋን አጠገቡ አቁሞ ሲያስረዳ የሚያልፈው ጊዜ ከዚያው ከሥራው ላይ የሚቀነስ ነው። በመጨረሻም የምዘና ቅጽ ሞልቶ ለዩኒቨርሲቲው ይልካል። እሱ የሰጠው ነጥብ ከተማሪዋ ውጤት ውስጥ ይገባል። ይህ የመጨረሻው ነገር በኢሜይሉ ላይ ጥላ ስለሚያጠላ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የምስጋና ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ምን እንደሚያስጨንቃቸው ያጠኑ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አሉ፤ አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ ይባላሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ውለታ ለዋለላቸው ሰው ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረጉና ተቀባዩ ምን ይሰማዋል ብለው እንደሚገምቱ ጠየቋቸው። ቀጥሎም ተቀባዮቹን ራሳቸውን ጠየቁ። ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ የሚሰማውን ደስታና መገረም አሳንሰው ገምተው ነበር፤ «ያፍራል፣ ነገሩ ይከብደዋል» የሚለውን ደግሞ አጋነው። ጸሐፊዎቹ የተጨነቁት አሳምረው መጻፍ አለመጻፋቸው ላይ ሲሆን፣ ተቀባዮቹ ግን ይበልጥ ያዩት የደብዳቤውን ሙቀት ነው። ኃላፊዋን «እርስዎ» እያለች ለከረመች ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ተገለበጠው ጽሑፍ የሚነዳት እኮ አብዛኛውን ጊዜ «የራሴ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ አይመጥንም» የሚለው ፍርሃት ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ የሕንፃ ግንባታ ሳይት ላይ ቆይታለች እንበል። የመጀመሪያ ረቂቋ ከላይ ያየነውን ይመስል ነበር። ከዚያ ሎግ ቡኳን አውጥታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ታገላብጣለች። የምትፈልገው ኃላፊዋ ባይኖር ኖሮ ሳታውቀው ትቀር የነበረን አንድ ነገር ነው። ያገኘችው የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ የተሞላበትን ቀን ነው።

የዚያን ቀን ኮንክሪት በሚክሰር መኪና መጥቶ ነበር። ሠራተኞቹ «ደርቋል፣ አይገፋልንም፣ ውሃ ይጨመርበት» አሉ። ይህ ጥያቄ ሳይት ላይ ዘወትር የሚነሳ ነው፤ ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ለመግፋትና ለማስተካከል ይቀላልና። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ሲሚንቶው ከሚፈልገው በላይ የሆነው ውሃ ቀስ በቀስ ሲተን በቦታው ጥቃቅን ክፍተቶች ይቀራሉ፤ ኮንክሪቱም የዚያኑ ያህል ይደክማል። ይህን አስቀድሞ ለመያዝ ስላምፕ ይለካል። 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጫፉ የተቆረጠ የብረት ኮን በሦስት ዙር ይሞላል፤ በእያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወቀጣል፤ ከዚያ ኮኑ ቀጥ ተደርጎ ወደ ላይ ይነሳና ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። ከተፈቀደው በላይ ከወረደ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ውሃ ነው። ጥንካሬው ራሱ የሚታወቀው ግን ከዚያው ኮንክሪት በተሞሉ ኩቦች ነው። ኩቦቹ ውሃ ውስጥ ይቀመጡና አብዛኛውን ጊዜ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላብራቶሪ ውስጥ በማሽን ተጨፍልቀው የሚሸከሙት ጫና ይመዘገባል።

ተማሪዋ ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ ተምራዋለች። የሆነውን ይዛ የጻፈችው ሁለተኛ ረቂቅ እንዲህ የሚል ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር፤ ትናንት ወደ ግቢ ተመልሻለሁ። የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ የተሞላ ቀን ሠራተኞቹ ውሃ ይጨመር ሲሉ እኔም ‘ትንሽ ቢጨመር ምን ችግር አለው?’ ብዬ ጠይቄዎት ነበር። እርስዎ በቃል ከመመለስ ይልቅ አንድ የእጅ ጋሪ ኮንክሪት ለብቻ አስወስደው ውሃ አስጨመሩኝ፤ ከሁለቱም ኩብ አስሞሉኝ። በ28ኛው ቀን ሲጨፈለቁ አጠገብ ሆኜ አየሁ። ውሃ ያልተጨመረበት 29 ሜጋ ፓስካል፣ የተጨመረበት 20 ወጣ፤ የሚፈለገው 25 ነበር። በዚህ ጉዳይ ፈተና ተፈትኜበት አልፌያለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሌት ባለ ቁጥር ስላምፕ ሳልለካ አልቀረሁም፤ የመጨረሻ ሪፖርቴንም በዚሁ ላይ አድርጌዋለሁ። በሥራ መሀል ጊዜዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ኮን አሞላል ደጋግመው ላሳዩኝ ለላብራቶሪው ባለሙያና ለፎርማኑም ምስጋናዬን ቢያደርሱልኝ ደስ ይለኛል። ከአክብሮት ጋር»

ይህ ኢሜይል ከስልክ ላይ ሳይሰለች የሚነበብ ነው። «ድንቅ»፣ «ወደር የሌለው»፣ «ዘመኔን ሙሉ የማልረሳው» የሚል ነገር አላስፈለገውም። ኃላፊው ሲያነብ የሚያገኘው የራሱን ውሳኔ ነው። ያን ቀን «አይቻልም» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ተቻኩሎም ነበር። ጋሪውን ማስወሰዱና ኩቦቹን ማስሞላቱ ምን ፍሬ እንዳፈራ እስከዛሬ የነገረው ሰው የለም። ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የበለጠ መረጃ የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ስትመጣ ምን እንደሚደግም ይነግረዋል። የፎርማኑና የላብራቶሪው ባለሙያ መጠቀሳቸውም ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ሳይት ላይ ተማሪን በእጅ እየያዘ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ኢንጂነሩ ሳይሆን እነሱ ናቸው፤ ኢሜይል ግን አይደርሳቸውም።

በርዕሱ ቦታም «ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ» ከማለት «የኩብ ፍተሻውን ስላሳዩኝ ምስጋና» ቢባል ይሻላል። የመጀመሪያው መዝገብ ቤት የሚገባ ደብዳቤ ይመስላል። ሁለተኛው ኃላፊው ከወራት በኋላ ሲፈልገው በቀላሉ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ምዘናው ቅጽ እንመለስ። ኢሜይሉ የቱንም ያህል ቢያምር ቅጹ ሳይሞላ ከደረሰ ይበላሻል። ኃላፊው እጁ ላይ ያልተሞላ ቅጽ እያለ እንዲህ ያለ ምስጋና ሲደርሰው ሁለት ነገር ሊያስብ ይችላል። ወይ ነጥብ እንዲጨምር እየተባለ ነው፤ ወይ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ሊሰጣት ያሰበው ነጥብ አሁን ያሳፍረዋል። ሁለቱም ለተማሪዋ አይበጁም። ስለዚህ ቅጹ ተሞልቶ፣ ታሽጎ ወይም በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ተልኮ እስኪያልቅ መጠበቅ ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ባይዘገይ ጥሩ ነው። በሳምንት ውስጥ ከሄደ ኃላፊው የተባለውን ቀን ገና በደንብ ያስታውሰዋል።

ሌላው ፈተና በምስጋናው ጅራት ላይ ጥያቄ ማንጠልጠል ነው፤ «ክፍት የሥራ ቦታ ካለ ቢያስቡኝ»፣ «የምስክርነት ደብዳቤ ቢጽፉልኝ» የሚል። የተመሰገነ ሰው ዳግም ለመርዳት እንደሚዘጋጅ አዳም ግራንትና ፍራንቼስካ ጂኖ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ የአንድን ተማሪ የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ አይተው አስተያየት ሰጡ፤ ተማሪው ሌላ ደብዳቤ እንዲያዩለት ዳግም ሲጠይቅ ምስጋና ከደረሳቸው 66 በመቶዎቹ፣ ካልደረሳቸው 32 በመቶዎቹ ብቻ እሺ አሉ። እዚያ ምስጋናውና ጥያቄው አብረው ነበር የሄዱት፤ ይሠራልም ማለት ነው። ይሁን እንጂ በጥናቱ የተጠየቀው የአንድ ጊዜ ትንሽ ሥራ ነው፣ ሰዎቹም አይተዋወቁም። ወራት አብሮ የሠራ ኃላፊ ግን ኢሜይሉን እስከ መጨረሻው ካነበበ በኋላ ጥያቄ ሲያገኝ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ በዚያ ጥያቄ ዓይን ተመልሶ ያየዋል። የኩቡ ታሪክ ወደ መግቢያ ይለወጣል። የምስክርነት ደብዳቤ ሲያስፈልጋት ሌላ ኢሜይል ትጻፍ፤ የምታመለክትበትን ቦታ፣ የመጨረሻውን ቀንና ኃላፊው ሊመሰክርላት የሚችለውን ሥራ ለይታ ትንገረው። የኩቡ ፍተሻ ያኔም ይጠቅማታል፤ ኃላፊው ስለ እሷ የሚጽፈው ተጨባጭ ነገር አለውና።

ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው የሳይቱን ዲዛይን፣ የፍተሻ ሰነድ ወይም ፎቶ ከኢሜይሉ ጋር አለማያያዝ ነው። ንብረትነቱ የድርጅቱና የአሠሪው ነው፤ ለማስታወሻ ተብሎ የተላከ ፎቶ ኃላፊውን «ይህን ማን ፈቀደላት?» የሚል ጥያቄ ውስጥ ሊከተው ይችላል። በምሳሌያችን ውስጥ የተጠቀሱት የፍተሻ ውጤቶችም ለኃላፊው ስለተጻፉ እንጂ ቴሌግራም ቻናል ላይ የሚለጠፉ አይደሉም። ሁለተኛው ከግል ኢሜይል መላክ ነው። የዩኒቨርሲቲው አድራሻ ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ኃላፊው ከዓመት በኋላ ለሚከፈት ሥራ ሊጠራት ቢያስብ መልእክቱ ሳይደርሳት ይቀራል። ከስሟ ሥር ስልክ ቁጥሯን፣ የትምህርት ክፍሏንና ሳይቱ ላይ የቆየችበትን ጊዜ ብትጽፍ ደግሞ በየዓመቱ ተማሪ የሚቀበል ሰው የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ አይቸገርም።