ሬጅስትራሩ አማካይ ነጥባችንን ሲሳሳት ምን ብለን እንጻፍ?

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ አንዲት የማኅበራችን አባል የግሬድ ሪፖርቷን ይዛ መጣች። ጠቅላላ አማካይ ነጥቧ 2.49 ይላል። ስኮላርሺፑ የሚታደስላት ግን 2.50 ሲኖራት ነው። ስኮላርሺፑ ከተቋረጠ ክፍያ የለም፤ ክፍያ ከሌለ ምዝገባ የለም፤ ያለ ምዝገባ ደግሞ የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ አይታደስም።

እኅታችን ለሬጅስትራሩ የምትልከውን መልእክት ጽፋ ጨርሳ ነበር። የሦስቱን ሴሚስተር አማካይ ነጥቦች፣ ማለትም 1.88፣ 2.80 እና 2.81 ደምራ ለሦስት ብታካፍል 2.50 ስለ ወጣላት፣ «ሒሳቡ ይታረምልኝ» የሚል ነው። መልእክቱ እንዳይላክ ያደረግነው እኛ ነን። እንዲህ ያለውን አቤቱታ ሬጅስትራሩ በአንድ መስመር ይመልሰዋል፤ መልሱም ትክክል ይሆናል። ሴሚስተሮች እኩል ክሬዲት ስለሌላቸው አማካዮቻቸውን ደምሮ ማካፈል ጠቅላላውን አይሰጥም። ትክክለኛው መንገድ የእያንዳንዱን ኮርስ ነጥብ (ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0) በክሬዲቱ አባዝቶ፣ ሁሉንም ደምሮ፣ ለጠቅላላው ክሬዲት ማካፈል ነው።

ስለዚህ ወረቀት አውጥተን ከመጀመሪያው ሠራነው። በአንደኛው ሴሚስተር በ16 ክሬዲት 30 ነጥብ፣ በሁለተኛው በ15 ክሬዲት 42፣ በሦስተኛው በ16 ክሬዲት 45 አግኝታለች። ድምሩ በ47 ክሬዲት 117 ነጥብ ነው፤ ሲካፈልም 2.49 ይሆናል። የሬጅስትራሩ ማካፈል አልተሳሳተም ማለት ነው። የተሳሳተው አካፋዩ ውስጥ የገባው ቁጥር ነበር።

እኅታችን በአንደኛው ሴሚስተር ባለ 4 ክሬዲቱን የሒሳብ ኮርስ ወድቃ ኤፍ አግኝታ ነበር። በሦስተኛው ሴሚስተር ደግማ ወስዳ ቢ አመጣች። የዩኒቨርሲቲዋ ካታሎግ አንድ ኮርስ ሲደገም የሚታሰበው አዲሱ ግሬድ ብቻ ነው ይላል። ኤፍ ዜሮ ስለሆነ ነጥቡ ላይ የሚጨምረው የለም፤ 4 ክሬዲቱ ግን ከታች ተቀምጦ አማካዩን ወደ ታች ይጎትታል። እርሱ ሲወጣ 117 ለ43 ይካፈላል፤ ውጤቱም 2.72 ነው።

ስሕተቱ እንዴት ገባ? በመካከሉ የሒሳብ ክፍሉ የኮርሱን ቁጥር ለውጧል። ኮምፒዩተሩ ድጋሚ መሆኑን የሚያውቀው በቁጥሩ ስለሆነ፣ ሁለት የተለያዩ ኮርሶች አድርጎ ቆጠራቸው። ይህን በትራንስክሪፕቱ ላይ ማየት ይቻላል። በአሮጌው ኤፍ አጠገብ መኖር የነበረበት የድጋሚ ምልክት የለም። ከዚህም ሌላ፣ ያልተደገመ ኤፍ ሳይኖርባት ያለፈችው ክሬዲት 43፣ ለአማካይ የታሰበው ግን 47 ነው።

ከዚህ በኋላ የተላከው መልእክት፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ይህን ይመስላል፦

«ለክቡር ሬጅስትራር፦ ስሜና የመታወቂያ ቁጥሬ ከላይ ተመልክቷል። በአንደኛው ሴሚስተር ኤፍ ያገኘሁበትን የሒሳብ ኮርስ በሦስተኛው ሴሚስተር በአዲሱ ቁጥሩ ደግሜ ቢ አግኝቻለሁ። በካታሎጉ የድጋሚ ደንብ መሠረት የቀድሞው 4 ክሬዲት ከአማካዩ መውጣት ሲገባው አልወጣም። ስለዚህ 117 ነጥብ ለ47 ተካፍሎ 2.49 ተመዝግቧል፤ ለ43 ሲካፈል 2.72 ነው። ትራንስክሪፕቴን፣ የደንቡን ገጽና ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ኮርስ መሆናቸውን የሚገልጸውን የትምህርት ክፍሉን ደብዳቤ አያይዣለሁ። የስኮላርሺፕ ማመልከቻዬ የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ታርሞ የተስተካከለ ትራንስክሪፕት እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

መልእክቱ ልመናም ሆነ ወቀሳ የለበትም። የሚያነበው ሠራተኛ ፋይሉን ከፍቶ ሊያረጋግጠው የሚችለውን አንድ ነገር ብቻ ይዟል። ከሁሉ የጠቀመው የትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ነው፤ ያለ እርሱ ሬጅስትራሩ ሁለቱን ቁጥሮች በራሱ ሥልጣን አንድ ሊያደርጋቸው አይችልም ነበር። ስሙም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ተጽፏል፤ የእኛን ስም አንዳንዱ ቢሮ በአባት፣ አንዳንዱ በአያት ስም ስለሚያስቀምጠው ፋይሉ እንዳይጠፋ መታወቂያ ቁጥሩ አብሮ ይሂድ።

ሁለት ነገር እናሳስባለን። ቅሬታችሁ በግሬዱ ላይ ከሆነ የሚመለከተው መምህሩን ነው፤ ሬጅስትራሩ ግሬድ አይለውጥም። ደግሞም የድጋሚ ደንብ በየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፤ ሁለቱንም ግሬዶች የሚያስቡ አሉ። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት በተመዘገባችሁበት ዓመት የወጣውን ካታሎግ አንብቡ።

የእኅታችን ነጥብ ማመልከቻው ከመዘጋቱ ከአራት ቀን በፊት 2.72 ተብሎ ታርሟል። እናንተም ደግማችሁ የወሰዳችሁት ኮርስ ካለ ትራንስክሪፕታችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ ሁለቱን የክሬዲት ድምሮች አስተያዩ።