ብዙ ጸሐፊ፣ አንድ አንደበት፦ የአንድ የሕፃናት ልብስ ቤት የአጻጻፍ መመሪያ

በመካነ ሰላም ከተማ የሕፃናት ልብስ እያሰፋ በራሱ ምልክት የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ቤት አለ እንበል። ልብሱ አንገት ላይ የሚሰፋውን ጽሑፍና የዋጋ ወረቀቱን የምትጽፈው ባለቤቷ ናት። ሱቅ የምትውለው ልጅ በስልክ ለሚመጣ ጥያቄ ትመልሳለች። የቴሌግራም ቻናሉን አንድ ወጣት ይዞታል፤ በዓል ሲደርስ ደግሞ የባለቤቷ ወንድም ከደሴ ሆኖ ማስታወቂያ በመጻፍ ያግዛል። ታዲያ ስለ አንድ የሱፍ ሹራብ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚከተሉት ሦስት ጽሑፎች ወጡ።

«ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ጥራቱን የጠበቀ የሕፃናት ሹራብ በተመጣጣኝ ዋጋ ያቀረብን መሆኑን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን።»

«እናትዬ ይሄን ሳታይ እንዳትተኚ!! ዋጋ በውስጥ መስመር።»

«ብርዱ ገብቷል። ልጆቻችሁን አልብሱ።»

ሦስቱም አማርኛቸው ምንም አይልም። ነገር ግን የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል፣ ሁለተኛው ጎረቤት ለጎረቤት የምትልከውን መልእክት፣ ሦስተኛው የጤና ጣቢያ ማሳሰቢያ። ያነበበችው እናት ሦስት ሱቅ ያለ ይመስላታል። ገንዘቧን አስቀድማ ልካ ልብሱን በመኪና የምትጠብቅ ሰው ደግሞ ማን እንደሚያናግራት በትክክል ማወቅ ትፈልጋለች። የአጻጻፍ መመሪያ የሚዘጋጀው ለዚህ ነው። ሰዎቹ ቢለያዩም ቤቱ በአንድ አንደበት እንዲናገር የሚያስችል፣ በሁለት ሦስት ገጽ የሚያልቅ ሰነድ ነው።

ብዙዎቹ መመሪያዎች ገና ከመነሻቸው ይበላሻሉ። «አጻጻፋችን ሞቅ ያለ፣ ቅንና ተጫዋች ይሁን» ብለው ይጀምራሉ፤ ግን ከላይ ያሉትን ሦስት ጽሑፎች የጻፉትን ብትጠይቋቸው ሦስቱም «የኔ ሞቅ ያለ ነው» ይላሉ። ቅጽል አያስማማም። በአማርኛ መመሪያ ሲጻፍ መነሻው ግሥ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የእኛ ግሥ ሰውየውን ሳይጠራ አያልፍም። «ምረጥ» ካልን አባትን፣ «ምረጪ» ካልን እናትን፣ «ምረጡ» ካልን ብዙ ሰዎችን፣ «ይምረጡ» ካልን በአክብሮት አንድን ሰው እያናገርን ነው። መካከለኛ መንገድ የለም። ጸሐፊዎቹ በዚህ ሳይስማሙ ቀለምና ፎቶ ላይ ቢስማሙ ትርፉ ትንሽ ነው።

ለመካነ ሰላሙ ቤት የትኛው ይሻላል? «ምረጪ» ለወጣት እናት ይቀርባል፤ ነገር ግን ለልጅ ልብስ የሚገዛው አባትም አያትም ከውጭ ገንዘብ የሚልክ አጎትም ነው። ቦረናና ሳይንት አካባቢ ታላቅን በአንቱታ የሚያናግር ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ልጅ እግር ሻጭ አያትን «ምረጪ» ብትል ጨዋታ ሳይሆን ድፍረት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ለአንድ ሰው በሚላክ መልእክት «ይምረጡ»፣ ለሁሉም በሚለጠፍ ጽሑፍ «ምረጡ» የሚለው ያስኬዳል። ተውላጠ ስሙን መጻፍም አያስፈልግም፤ አንቱ የሚልም እርስዎ የሚልም «ይምረጡ»ን እኩል ይቀበለዋል። ለልጁም እንዲሁ ነው። ሹራቡ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ከሆነ «ሲለብሰው» ብሎ ግማሹን ገዢ ከመተው «ልጆች ሲለብሱት» ማለት ይቀላል። «እናትዬ»፣ «ማሬ»፣ «ውዴ» ግን ደንበኛው ራሱ ካልጀመረ በጽሑፍ አይገቡም።

እንዲህ ያለውን ውሳኔ ባለቤቷ ብቻዋን ተቀምጣ ብትወስነው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የሚያዋጣው፣ ቤቱ እስካሁን ከጻፋቸው መልእክቶች አርባ ሃምሳ ያህሉን ሰብስቦ፣ የጸሐፊውን ስም ሸፍኖ፣ ሁሉም ባሉበት ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ጆሮ ከዓይን ይፈጥናል። «ይሄ እኛን ይመስላል» የተባለው በአንድ ወገን፣ «ይሄስ ሌላ ሰው ነው» የተባለው በሌላ ወገን ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሕግ ከራሳቸው ጽሑፍ የወጣ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ሕግ ሥርም የቀድሞው ዐረፍተ ነገርና የታረመው ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። ምሳሌ የሌለው ሕግ በሁለተኛው ሳምንት ይረሳል።

የሹራቡ ጽሑፍ ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦ «ለጥቅምትና ለኅዳር ማለዳ የሚሆን የሱፍ ሹራብ። የደረቱ ዙሪያ 64፣ ቁመቱ 42 ሳንቲ ሜትር። ከመግዛታችሁ በፊት ልጆቻችሁ አሁን በሚለብሱት ሹራብ ለኩት። ዋጋው ከፎቶው ሥር አለ።» አንዳንዱ ቃል የተመረጠው በምክንያት ነው።

ከጅምላ ነጋዴ የመጣ ካርቶን «የክረምት ልብስ» ስለሚል ብዙ ሱቅ እንዳለ ይገለብጠዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ነው፤ ውርጩ የሚጠናው ሰማዩ ከጠራ በኋላ በበጋው ወራት ነው። ከዓባይ ቆላ ወጥቶ የሚገዛ ሰው ደግሞ ያን ሹራብ ለልጁ ጨርሶ ላይፈልገው ይችላል። ስለዚህ መመሪያው «የወቅቱን ስም ሳይሆን ወሩንና ሰዓቱን ጻፉ» ይላል።

የልክ ነገርም እንደዚያው ነው። «ለ4 ዓመት» የሚለው ብቻውን አሳሳች ነው፤ እኩያ ልጆች ቁመታቸው ይለያያል፣ ከተለያየ አገር የመጣ ልብስም ልኩ አንድ አይደለም፣ ወላጅም «ሲያድግ ይሆነዋል» ብሎ ሰፋ ያለውን ይመርጣል። ሳንቲ ሜትር ከተጻፈ ግን እናት ቤት ያለውን ልብስ ዘርግታ ታወዳድራለች። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ልማድ በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው፤ ከመመሪያው ጭራሽ ይውጣ። ዋጋን መደበቅ ደንበኛን ያሰለቻል፣ ሻጯንም ቀኑን ሙሉ አንድ ቁጥር ስትደግም ያውላታል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል።

ፊደሉም ይወሰን። ልብሱ ላይ «ሕፃናት»፣ ቻናሉ ላይ «ህጻናት»፣ ደረሰኙ ላይ «ህፃናት» የሚጽፍ ቤት የተዝረከረከ ይመስላል። ችግሩ በመልክ ብቻም አያበቃም፤ ስልክ ፊደሎቹን እንደተለያዩ ስለሚቆጥር በአንዱ የፈለገ ደንበኛ በሌላው የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል። አንዱን መርጦ በመመሪያው መጨረሻ ከሌሎች አሥራ አምስት ከማይበልጡ አወዛጋቢ ቃላት ጋር መዘርዘር ይበቃል።

ድምፅ አንድ ነው ሲባል ግን ለሁሉም ነገር በአንድ ስሜት ይጻፋል ማለት አይደለም። ሜይልቺምፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማንም አንብቦ እንዲማርበት በይፋ ባወጣው የአጻጻፍ መመሪያ ላይ የሚያሰምርበት ልዩነት ይህ ነው፦ ድምፅ የሰውየው ጠባይ ስለሆነ አይለወጥም፤ ቃና ግን ከፊት ያለው ሰው እንዳለበት ሁኔታ ይለዋወጣል። ወሎ ውስጥ ይህ ከሁሉ የበለጠ የሚፈተነው በበዓልና በቅሬታ ጊዜ ነው።

በበዓሉ እንጀምር። በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚኖርበት አገር ለጥምቀት አምስት ጊዜ ለጥፎ ለዒድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጽፍ ልብስ ቤት ሳይታወቀው ወገን ለይቷል። መመሪያው ለሁለቱም እኩል ቦታ ይመድባል፤ ቀናቸውንም እንደ ጠባያቸው ያስጽፋል። ጥምቀት ጥር 11 መሆኑ አይለወጥም። ገና ግን ታኅሣሥ 29 ውሎ ውሎ በዘመነ ዮሐንስ ወደ 28 ይመጣል። ዒድ ጨረቃ ስትታይ የሚጸና ስለሆነ ሳይታወጅ «ነገ ዒድ ነው» ተብሎ አይጻፍም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ሁሉም ሱቅ በየዓመቱ ስለሚለጥፈው እኔ ብሆን እተወዋለሁ። በተለይ «ልጅዎ ከእኩዮቹ እንዳያንስ» የሚለው ዓይነት ግፊት በመመሪያው በግልጽ መከልከል አለበት፤ በዚያ ዓመት መግዛት ያልቻለ ወላጅም ያነበዋል።

ደንበኛ የልጇን ፎቶ አዲሱን ልብስ አልብሳ ስትልክስ? ልጅን በአደባባይ ማሞገስ በእኛ ዘንድ ቅር የሚያሰኘው ሰው ብዙ ነው፤ ዓይን ይፈራል። «ዋው እንዴት ታምራለች» ከማለት «ያሳድግልዎ፣ በጤና ትልበሰው» ማለት የሁሉንም እምነት ወላጅ ደስ ያሰኛል። ፎቶውን ቻናል ላይ ለመለጠፍ ደግሞ ወላጅን ማስፈቀድ ግዴታ ነው።

ቅሬታው እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦ «ሹራቡ አንዴ ባጥበው አጠረ። ገንዘቤን መልሱ።» ሱቅ የምትውለው ልጅ ትደነግጥና «በሙቅ ውሃ አጥበውት ይሆናል» ብላ ልትመልስ ትችላለች። እውነቷንም ሊሆን ይችላል፤ ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይሰበሰባል። ግን መልሱ የሚነበበው እንደ ክስ ነው። የባለቤቷ ወንድም ቢመልስ ደግሞ «ለተፈጠረው ችግር ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ ያቆማል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። በመመሪያው የሰፈረው መልስ ይህን ይመስላል፦ «አዝናለሁ፣ ያበሳጫል። ሹራቡን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ ቁመቱንም ይለኩልኝ። ስንሸጠው 42 ሳንቲ ሜትር ነበር። የማጠቢያ ወረቀቱን ሳንልክልዎ ቀርተን ከሆነ በሌላ እንቀይረዋለን። እስከ ነገ ማታ እመልስልዎታለሁ።» ግሡ ያው የአክብሮቱ ግሥ ነው፤ ጨዋታና ቃለ አጋኖ ግን የሉም፤ የሚደረገው ነገርና ጊዜውም ተነግሯል። ይህ ግን የሚሠራው ባለቤቷ መቀየርን አስቀድማ ከፈቀደች ብቻ ነው። ጽሑፍ ያልተፈቀደ ነገር ቃል ሊገባ አይችልም፤ በቂ ሱፍ የሌለውን ሹራብም አያሞቅም።

መመሪያው መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ ከባድ አይደለም። በየሦስት ወሩ አራቱም ስለ አንድ አዲስ ልብስ ለየብቻ አራት መስመር ይጻፉ፤ ቤቱን የምታውቅ አንዲት ደንበኛ ስማቸው ተሸፍኖ ታንብበው። የማን እንደሆነ በቀላሉ ከለየች ጥፋቱን ከሰዎቹ በፊት ከመመሪያው ፈልጉት፤ የጎደለው ብዙውን ጊዜ ሕግ ሳይሆን ምሳሌ ነው። ለእርማቱም አንድ ሰው ኃላፊ ይሁን፤ ሁሉም የሚያርመው ሰነድ ተመልሶ የአራት ሰው ድምፅ ይሆናል።

የልብስ ቤት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ የመጨረሻዎቹን አሥር መልእክቶቻችሁን አውጡና ግሦቹን ብቻ አስምሩባቸው። «ምረጪ»ና «ይምረጡ» ተቀላቅለው ካገኛችሁ መመሪያችሁን ከዚያ ጀምሩ።