አንድ ድምር ለሁለት ጥያቄ፦ ፈጣኑ የፎሪየር ለውጥ ስሌትን የሚያሳጥርበት ምክንያት

በኮምፒውተር የተቀዳ ድምፅ የቁጥር ዝርዝር ነው። የክራር ጅማት ሲመታ መቅጃው የአየሩን ግፊት ቶሎ ቶሎ ይለካል፤ በሙዚቃ ሲዲ ደረጃ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 44,100 ጊዜ። እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል። ናሙናዎቹ ግፊቱ በየቅጽበቱ ስንት እንደነበረ ይናገራሉ እንጂ በድምፁ ውስጥ የትኞቹ ንዝረቶች እንዳሉ፣ እያንዳንዱም ምን ያህል እንደበረታ አይናገሩም። ይህን ለይቶ የሚያወጣው ስሌት በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በጆሴፍ ፎሪየር ስም የፎሪየር ለውጥ ይባላል።

የስሌቱ አካሄድ በቀስት ቢታሰብ ይቀላል። እያንዳንዱ ናሙና ርዝመቱ በልኬቱ ልክ የሆነ ቀስት ነው እንበል። አንድ ድግግሞሽ በድምፁ ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ቀስቶቹ በተራ ቁጥራቸው መጠን ይዞራሉ። የሚፈለገው ንዝረት በቀረጻው ርዝመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስት ያለው መዞር አንድ ሙሉ ዙር ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ሁለት ዙር። ከዚያ ቀስቶቹ ጫፍ ለጫፍ ተቀጣጥለው ይደመራሉ። ንዝረቱ በድምፁ ውስጥ ካለ ቀስቶቹ ወደ አንድ ወገን ያደላሉና ድምሩ ረጅም ይወጣል፤ ከሌለ እርስ በርስ ይጣፋሉ።

የሥራው ብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። n ናሙና ካለ የሚመረመረውም n ድግግሞሽ ነው። ለእያንዳንዱ ድግግሞሽ n ቀስት ይዞራል፣ ይደመራል፤ ጠቅላላው n ጊዜ n ይሆናል። አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ የሚሆን የሲዲ ድምፅ 65,536 ናሙና አለው። የዚህ ቁጥር ስኩዌር ከአራት ቢሊዮን ይበልጣል፤ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን እርምጃ የሚሠራ መሣሪያ ቢኖር ከሰባ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ፈጣኑ ዘዴ ያንኑ መልስ በ1,048,576 እርምጃ፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ ገደማ ይሰጣል። መልሱ ግምት ወይም የተቀራረበ ቁጥር አይደለም፤ ረጅሙ መንገድ የሚሰጠው መልስ ራሱ ነው።

ዘዴው ብዙ ጊዜ «ከፋፍሎ መፍታት» እየተባለ ይገለጻል። አባባሉ እውነት ቢሆንም ዋናውን ነገር ይሸፍናል፤ መክፈል ብቻውን ምንም አይቆጥብምና። አንድ ኩንታል ጤፍ በሁለት ከረጢት ቢከፈል የሚጫነው ክብደት ያው ነው። ናሙናዎቹም ለሁለት ቢከፈሉና የእያንዳንዱ ክፍል ድምር ለየብቻ ተሠርቶ ቢገጣጠም፣ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ሁሉንም ናሙናዎች ማዞሩ ስለማይቀር ሥራው ያው n ጊዜ n ነው። ቁጠባው የሚመጣው አንድ ጊዜ የተሠራ ድምር ለሁለት ድግግሞሽ ስለሚያገለግል ነው።

ይህን ለማየት ከ0 እስከ 7 ተራ ቁጥር ያላቸው ስምንት ናሙናዎች ይበቃሉ። ድግግሞሽ 1 ሲመረመር 2 ቁጥር ናሙና የሚዞረው ሁለት ስምንተኛ ዙር ነው። ድግግሞሽ 5 ሲመረመር ደግሞ ያው ናሙና አምስት እጥፍ፣ ማለትም አሥር ስምንተኛ ዙር ይዞራል። አሥር ስምንተኛ ማለት አንድ ሙሉ ዙርና ሁለት ስምንተኛ ነው፤ ሙሉ ዙር የዞረ ቀስት ወደነበረበት ስለሚመለስ በሁለቱም ድግግሞሾች 2 ቁጥር ናሙና ያው ቦታ ላይ ያርፋል። 0፣ 4 እና 6 ቁጥር ናሙናዎችም እንዲሁ ናቸው። የተጋማሾቹ ናሙናዎች ድምር ለድግግሞሽ 1 አንዴ ከተሠራ ለድግግሞሽ 5 እንደገና መሥራት አያስፈልግም።

ኢ-ተጋማሾቹ ግን እንዲህ አይገጥሙም። 3 ቁጥር ናሙና በድግግሞሽ 1 ሦስት ስምንተኛ ዙር ይዞራል፤ በድግግሞሽ 5 አሥራ አምስት ስምንተኛ፣ ሙሉው ዙር ሲቀነስ ሰባት ስምንተኛ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አራት ስምንተኛ፣ ማለትም ግማሽ ዙር ነው፤ ግማሽ ዙር የዞረ ቀስት ደግሞ ፊቱን ወደ ተቃራኒው ያዞራል። 1፣ 5 እና 7 ቁጥር ናሙናዎችም ልክ በግማሽ ዙር ይለያያሉ። ስለዚህ የኢ-ተጋማሾቹ ድምር በድግግሞሽ 5 ምልክቱ የተገለበጠ ያው ድምር ነው። የተጋማሾቹ ድምር E፣ የኢ-ተጋማሾቹ O ቢባል፦

```
F(1) = E + O
F(5) = E - O
```

ድግግሞሽ 0 ከ4፣ 2 ከ6፣ 3 ከ7 ጋር በዚሁ መንገድ ይጣመራሉ። ስምንቱ ድግግሞሾች ስምንት ሳይሆን አራት ጥንድ ድምር ብቻ ይፈልጋሉ፤ ሥራው በአንድ ምት በግማሽ ወረደ ማለት ነው።

ግማሹን መቆጠብ ብቻውን ግን n ጊዜ nን ወደ n log n አያወርድም፤ 65,536 ናሙና ላለው ቀረጻ አንድ ጊዜ መክፈል ከአራት ቢሊዮን ወደ ሁለት ቢሊዮን መውረድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁም ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አራቱ ተጋማሽ ናሙናዎች የሚዞሩት በሁለት ስምንተኛ፣ ማለትም በአንድ አራተኛ ዙር እየዘለሉ ነው። ይህ አራት ናሙና ብቻ ያለው የፎሪየር ለውጥ ራሱ ነው። ኢ-ተጋማሾቹም ያው የአራት ናሙና ችግር ናቸው፤ ልዩነታቸው መጨረሻ ላይ ድምሩ ራሱ በጥቂቱ፣ ለድግግሞሽ 1 በአንድ ስምንተኛ ዙር፣ መዞር የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ትንሹ ችግር የትልቁ አምሳያ ስለሆነ ያው ዘዴ በእርሱም ላይ ይሠራል፤ አራቱ ወደ ሁለት ሁለት፣ ሁለቱ ወደ አንድ አንድ ይወርዳሉ። አንድ ናሙና ብቻ ሲቀር የሚሠራ ነገር የለም፤ የአንድ ቁጥር ለውጥ ራሱ ቁጥሩ ነው።

ወጪው እንዲህ ይቆጠራል። በየደረጃው የተከፈሉት ክፍሎች ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የእያንዳንዱ መጠን በግማሽ ያንሳል፤ ስለዚህ ውጤቶቹን መልሶ ማጋጠም በየትኛውም ደረጃ n ያህል እርምጃ ይፈጃል። የደረጃዎቹ ቁጥር ደግሞ nን ለሁለት እየከፈሉ 1 ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፤ ለ8 ሦስት፣ ለ1024 አሥር፣ ለ65,536 አሥራ ስድስት። ይህ ቁጥር ነው ሎጋሪዝም የሚባለው። ለስምንት ናሙና ወጪው በ64 ፋንታ 24 ይሆናል፤ ቁጠባው ያን ያህል አያስደንቅም። n ሲያድግ ግን ሎጋሪዝሙ እያዘገመ ሲከተል ስኩዌሩ ይሮጣል።

አራት ናሙና በእጅ ቢሠራ ነገሩ ይጨበጣል። ልኬቶቹ በተራ 6፣ 4፣ 2፣ 4 ይሁኑ። 0 ቁጥርና 2 ቁጥር ናሙናዎች 6 እና 2 ናቸው፤ ድምራቸው 8፣ ልዩነታቸው 4። 1 ቁጥርና 3 ቁጥር ደግሞ 4 እና 4 ናቸው፤ ድምራቸው 8፣ ልዩነታቸው 0። አሁን ማጋጠም ነው፦ ድግግሞሽ 0 ከሁለቱ ድምሮች መደመር 16፣ ድግግሞሽ 2 ከመቀናነሳቸው 0 ይሆናል። ለድግግሞሽ 1 እና 3 ሁለተኛው ልዩነት ሩብ ዙር መዞር ነበረበት፤ እዚህ ግን ዜሮ ስለሆነ ቢዞርም ያው ዜሮ ነው፤ ሁለቱም 4 ይወጣሉ። 16 ለአራት ሲካፈል አማካዩን፣ 4ን ይሰጣል። ድግግሞሽ 1 እና 3 እንዲሁ ለአራት ተካፍለው ሲደመሩ 2 ይሆናሉ። በእርግጥም ልኬቶቹ 4ን መሐል አድርጎ በ2 ከፍና ዝቅ የሚል፣ አንድ ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ናቸው። የተሠራው መደመርና መቀነስ በጠቅላላው ስምንት ነው፤ አራት ጊዜ ሁለት።

ኮምፒውተር ሳይስፋፋም ይህን ያስተዋሉ ነበሩ። ጀርመናዊው ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1805 ገደማ ፓላስ የተባለችውን ትንሽ ፈለክ ምሕዋር ሲያሰላ ይህንኑ ዘዴ በላቲን ጽፎታል፤ ጽሑፉ የታተመው ግን ከሞተ በኋላ በ1866 ነው። በ1942 ዳኒየልሰንና ላንጾሽ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከኤክስሬይ ሥራ ጋር በተያያዘ ችግሩን እየከፈሉ በእጅ የሚሰላበትን መንገድ አሳተሙ፤ የሚፈጀውንም ጊዜ አብረው ገለጹ፦ ለ8 ውጤት 10 ደቂቃ፣ ለ16 25፣ ለ32 60፣ ለ64 140 ደቂቃ። ብዛቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ጊዜው ከእጥፍ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ወጪው በስኩዌር ቢያድግ ኖሮ 64 ውጤት 640 ደቂቃ በፈጀ ነበር። የn log n ጠባይ በእጅ ሥራ ሰዓት ላይ ሳይቀር ይታያል።

ዘዴውን ለዓለም ያሰራጨው ግን የቀዝቃዛው ጦርነት ጭንቀት ነው። በ1963 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጆን ቱኪና የአይቢኤም የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ጋርዊን በአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጋርዊን የሶቭየት ኅብረትን የከርሰ ምድር የኑክሌር ሙከራ ከሩቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች የሚለይበት መንገድ ይፈልግ ነበር፤ የቱኪን ሐሳብ ሲሰማ ፕሮግራሙን እንዲጽፍ ለአይቢኤሙ ጄምስ ኩሊ ወሰደለት። ለኩሊ የተነገረው ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ የሂሊየም-3 ክሪስታል ጥናት ነው ተባለ። የኩሊና የቱኪ አጭር ጽሑፍ በ1965 ታተመ።

የዘዴው ወሰን ከመክፈል የሚመጣ ነው። ለሁለት የማይከፈል ቁጥር ለሦስት፣ ለአምስት ወይም ለሰባት ቢከፈልም ይሆናል። 44,100 ከ2፣ ከ3፣ ከ5 እና ከ7፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ፣ የተባዛ ስለሆነ በደንብ ይከፈላል። 1021 ግን ከራሱና ከ1 በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው። ሦስት ዜሮ ጨምሮ 1024 ማድረግ የተለመደ ቢሆንም፣ የሚመረመሩት ድግግሞሾች ቦታ ስለሚንሸራተት ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ይሆናል። በ1968 ቻርልስ ሬደር ብቸኛ ቁጥሮችንም ወደ ሌላ የስሌት ዓይነት ቀይሮ በn log n የሚፈታበትን መንገድ አሳየ።

በፕሮግራም ላይ የሚደጋገመው ስሕተት የተራ ቁጥር ነው። ስምንቱ ናሙናዎች ተጋማሽና ኢ-ተጋማሽ እየተባሉ ሲከፈሉ ተራቸው 0፣ 4፣ 2፣ 6፣ 1፣ 5፣ 3፣ 7 ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ይህን ካልተከተለ ውጤቱ ይዘበራረቃል። 0 ቁጥር ናሙናን 1 አድርጎ ሌሎቹን ዜሮ በማድረግ መፈተሽ አያጋልጠውም፤ 0 በሁለቱም ተራ ከቦታው አይነቃነቅምና። 1 ቁጥር ናሙና ብቻ 1 ቢደረግ ግን ትክክለኛው ውጤት ርዝመታቸው እኩል የሆኑ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ ስምንተኛ ዙር የሚዞሩ ስምንት ቀስቶች ናቸው። ቀስቶቹ በግማሽ ዙር እየተገለባበጡ ከወጡ 1 ቁጥር ናሙና በ4 ቁጥር ቦታ ተቆጥሯል ማለት ነው።